የበቆሎው ቅጠል ምን ጎደለው? የናይትሮጅንና የፎስፈረስ እጥረትን ለይቶ ማወቂያ

በዕፅዋት ምግብ ኮርስ ተማሪ ደጋግሞ የሚሳሳትበት አንድ ጥያቄ አለ። «ምልክቱ የጀመረው ከታችኞቹ ቅጠሎች ነው። የጎደለው ምንድን ነው?» አብዛኛው ተማሪ ሳያመነታ «ናይትሮጅን» ብሎ ይጽፋል። በዚህ መረጃ ብቻ ግን መልስ መስጠት አይቻልም። ፎስፈረስ ሲጎድልም ምልክቱ የሚጀምረው ከታች ነው። ፖታሲየምና ማግኒዥየምም እንደዚያው ናቸው።

ስህተቱ ፈተና ላይ ብቻ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ማሳ ላይ ግን ገንዘብ ይበላል። ፎስፈረስ ለጎደለው ሰብል ዩሪያ ያስጨመረ ባለሙያ ገበሬውን ለማይረባ ነገር አስወጥቶታል። ስለዚህ ሁለቱን መለየት በደንብ መማር ያለበት ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። እዚህ ላይ የምንሠራው በበቆሎ ነው። ቅጠሉ ትልቅ ስለሆነ ምልክቱ ጎልቶ ይታያል፣ ከጎጃም እስከ ጅማም በቀላሉ ይገኛል።

መጀመሪያ፦ ከላይ ነው ከታች?

አንዳንድ ንጥረ ነገሮች ተክሉ ውስጥ እንደልብ ይንቀሳቀሳሉ። እጥረት ሲመጣ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ላይ ነቅሎ ወደ አዲሱ ይልካቸዋል። አሮጌው ይጎዳል፣ አዲሱ ይተርፋል። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከእነዚህ ወገን ናቸው። ብረት፣ ካልሲየምና ቦሮን ግን አንዴ ከተቀመጡበት ብዙም አይነሱም። እነሱ ሲጎድሉ የሚጎዳው አዲሱ፣ የላይኛው ቅጠል ነው። ድኝም ወደ እነዚህ ይጠጋል።

ስለዚህ ማሳው ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያው ሥራ ይኸው ነው። ቢጫ የሆነው የላይኛው ቅጠል ከሆነና የታችኞቹ አረንጓዴ ከሆኑ ይህን መመሪያ እዚያው አቁሙት፤ ጉዳዩ የናይትሮጅንም የፎስፈረስም አይደለም። አዲሱ ቅጠል ሙሉ በሙሉ ከገረጣ ድኝን ጠርጥሩ። ጅማቶቹ አረንጓዴ ሆነው በመሃላቸው ያለው ብቻ ከገረጣ ደግሞ ብረትን ጠርጥሩ። ከታች የጀመረ ከሆነ እንቀጥል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የበቆሎ የመጀመሪያዋ ቅጠል ጫፏ ክብ ነው፤ ከሌሎቹ በዚህ ትለያለች። ተክሉ ስድስት ቅጠል ገደማ ሲያወጣ እሷ ቢጫ ሆና ትደርቃለች። ይህ እርጅና ነው እንጂ እጥረት አይደለም። በሌላው ጫፍ ደግሞ ፍሬው ሲሞላ የታችኞቹ ቅጠሎች ምግባቸውን ወደ ፍሬው ስለሚልኩ መገርጣታቸው ያለ ነው። ምርመራችሁ የሚያዋጣው በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መሃል ነው።

ሁለተኛ፦ የተጎዳውን ትታችሁ ጤነኛውን ተመልከቱ

ከሁሉም ምልክት የማምነው ይህን ነው። ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚሄደው ወደ ቢጫውና ወደ ወይን ጠጁ ነው። እናንተ ግን ገና ያልተበላሸውን የተክሉን ክፍል፣ ማለትም መሃል ላይ ያሉትን ቅጠሎች ተመልከቱ። አረንጓዴው ምን ዓይነት ነው?

ናይትሮጅን የጎደለው በቆሎ መላ አካሉ ገርጥቷል። የላይኞቹ ቅጠሎች እንኳ ከጤነኛው ጎረቤታቸው ጋር ስታስተያዩአቸው ፈዘዝ ያሉ ናቸው። ናይትሮጅን የክሎሮፊል አካል ስለሆነ እሱ ሲያንስ አረንጓዴው ራሱ ይሳሳል።

ፎስፈረስ የጎደለው ግን ተቃራኒ ነው። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ አንዳንዴ ሰማያዊ ቢጤ ይጣልበታል። ተማሪ እዚህ ጋ ግራ ይጋባል። የተራበ ተክል እንዴት ከጠገበው ይበልጥ አረንጓዴ ይሆናል? ምክንያቱ ይህ ነው። ፎስፈረስ ሲጎድል ከሁሉ በፊት የሚቆመው የቅጠሉ መስፋት ነው። የክሎሮፊል ሥራ ያን ያህል አይቀንስም። ስለዚህ ያው ክሎሮፊል በትንሽ ቅጠል ላይ ይጠጋጋል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ቅጠሉ ጠባብ፣ አገዳው ቀጭን፣ ተክሉ ድንክ ይሆናል።

ከዚህ የሚመጣ አደጋ አለ። ቀለል ያለ የፎስፈረስ እጥረት ያለበት ማሳ ከመንገድ ሲያዩት ያምራል። ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ «ደህና ነው» ብሎ ማለፍ ይመጣል። አጠገቡ ጤነኛ በቆሎ ከሌለ ማጠሩ አይታወቅም። በናይትሮጅን ጊዜ ግን ማሳው ራሱ ከሩቅ ይጮሃል።

አረንጓዴውን ለማወዳደር በሁለት እጃችሁ ሁለት ቅጠል ያዙ። አንዱ ከታመመው፣ አንዱ ከደህናው፣ ሁለቱም ከተመሳሳይ ቁመት ይሁኑ። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ። ቀትር ላይ ቅጠሉ በሙቀት ስለሚጠቀለል ጠዋት ይሻላል።

ሦስተኛ፦ አሁን ወደ ተጎዳው ቅጠል

የናይትሮጅን እጥረት በበቆሎ ቅጠል ላይ የራሱ ቅርጽ አለው። ቢጫው ከቅጠሉ ጫፍ ይነሳል። ከዚያ በመሃለኛው ወፍራም ጅማት ላይ ይዞ ወደ ግንዱ ይወርዳል። ጠርዞቹ ለጊዜው አረንጓዴ ይቀራሉ። ቅጠሉን ዘርግታችሁ ስታዩት የጦር ጫፍ የመሰለ ቢጫ መሃሉ ላይ ታገኛላችሁ፤ ሹሉ ወደ ግንዱ ያመለክታል። እየቆየ ቢጫው ቡናማ ይሆንና ይደርቃል። ከታች የመጀመሪያው፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው እያለ ደረጃ በደረጃ ይወጣል።

ይህን ከፖታሲየም ጋር እንዳታምታቱት። ፖታሲየም ሲጎድልም የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ይጀምራል። ነገር ግን የሚሄደው በጠርዙ ነው፤ መሃሉ አረንጓዴ ይቀራል። ናይትሮጅን በመሃል፣ ፖታሲየም በዳር ብላችሁ ያዙት።

የፎስፈረስ ምልክት ወይን ጠጅ ወይም ቀላ ያለ ቀለም ነው። ከታችኞቹ ቅጠሎች ጫፍ ይነሳና በጠርዙ በኩል ይዘልቃል። አገዳው ሥር አካባቢም ይታያል። ቅጠሉን ገልብጡና ጀርባውን እዩ፤ አንዳንዴ ከፊቱ ይልቅ እዚያ ይጎላል። ቀለሙ የሚመጣው አንቶሲያኒን ከሚባል ቀለም ነው። እድገት ሲገታ ቅጠሉ የሠራው ስኳር የሚሄድበት ያጣና ይከማቻል። ስኳር ሲከማች አንቶሲያኒን ይመረታል።

ይህን ካወቃችሁ ቀጥሎ ያለው ነገር ራሱ ይገባችኋል። ስኳር እንዲከማች የሚያደርግ ነገር ሁሉ ቅጠሉን ወይን ጠጅ ሊያደርገው ይችላል። ብርድ ያደርገዋል። ሥር የቆረጠ ትል ያደርገዋል። የጠጠረ አፈር ያደርገዋል። ጭራሽ አንዳንድ የበቆሎ ዝርያ በተፈጥሮው ወይን ጠጅ ይጣልበታል፣ ምንም ሳይጎድለው። በሌላ በኩል ደግሞ ፎስፈረስ ጎድሎት ምንም ወይን ጠጅ የማያሳይ ዝርያ አለ፤ ማጠርና መጥቆር ብቻ ነው የሚያሳየው። በአንዳንድ ሰብል ላይ ደግሞ የናይትሮጅን እጥረት ራሱ ግንዱን ቀላ ያደርገዋል።

ስለዚህ ወይን ጠጅ አይታችሁ «ፎስፈረስ» ብላችሁ አትፍረዱ። ወይን ጠጅ፣ ማጠርና ጥቁር አረንጓዴ አንድ ላይ ሲገኙ ነው ጥርጣሬው የሚጠነክረው። ደጋ ላይ፣ ዝናብና ደመና በበዛበት ሰሞን ያያችሁት ከሆነ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ታገሱ። ፀሐይ ወጥቶ አፈሩ ሲሞቅ አዲሶቹ ቅጠሎች ጥርት ብለው ከወጡ ያስቸገረው ብርዱ ነበር።

አራተኛ፦ ዕድሜውን ጠይቁ

ምልክቱ የታየበት ጊዜ ብዙ ይናገራል። ፎስፈረስ አፈር ውስጥ አይጓዝም ማለት ይቻላል፤ ሥሩ ራሱ ሄዶ ሊያገኘው ይገባል። የበቆሎ ሥር ገና ትንሽ በሆነበት ጊዜ፣ ከበቀለ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት ባለው፣ እጥረቱ ይጎላል። ሥሩ ሲሰፋ ቀለሙ ሊጠፋም ይችላል። ቀለሙ ጠፋ ማለት ግን የቀረው እድገት ተመለሰ ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ በቆሎ ፀጉር የሚያወጣው ዘግይቶ ነው፣ መድረሱም ይዘገያል።

ናይትሮጅን ግን ብዙ ጊዜ የሚጎላው ተክሉ መሮጥ ሲጀምር ነው። ጉልበት ከደረሰ በኋላ የበቆሎ ፍላጎት በአንዴ ይጨምራል። በዚያው ሰሞን ክረምቱ አፈሩን እያጠበ ናይትሬቱን ወደ ታች ይወስደዋል። ውሃ በተኛበት መረሬ ላይ ደግሞ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ቀይረው ወደ አየር ይለቁታል።

አምስተኛ፦ ቆፍሩ፣ ዙሩ፣ ጠይቁ

ቅጠል አይቶ መፍረድ አይበቃም። ሁለት ሦስት ተክል ከነሥሩ በአካፋ አውጡ፤ በእጅ አትንቀሉ፣ ሥሩ ይቀራል። ሥሩ ተበልቷል? በስብሷል? አጭርና ወፍራም ሆኖ ደንድኗል? አሲዳማ አፈር ላይ አሉሚኒየም ሥሩን እንደዚያ ያደርገዋል። ሥሩ ከታመመ አፈሩ ውስጥ ያለውም ምግብ አይደርስም። አቀንጭራ ባለበት አካባቢ ከሆናችሁ ገና ከመሬት ሳይወጣ በፊትም ሰብሉን ያገረጣልና ሥሩ ላይ ተጣብቆ እንደሆነ እዩ። የአገዳ ቆርቁር ካለም አገዳውን ሰንጥቃችሁ አረጋግጡ።

ከዚያ ማሳውን ዙሩት። ቢጫው ውሃ በሚተኛበት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ብቻ ነው? ወይስ በመስመር በመስመር እየተቆራረጠ ነው? በመስመር ከሆነ የተዘለለ ማዳበሪያ ነው። ድንክዬው በቆሎ ያለው አፈሩ በታጠበበት ቀይ ተዳፋት ላይ ነው? ከተቻለ ድሮ በረት የነበረበትን ወይም ፍግ የተደፋበትን ቦታ ፈልጉ። እዚያ ያለው በቆሎ የሚወዳደር ያልተገዛ ሙከራ ነው። ማሳው ሁሉ ተጎድቶ እዚያ ብቻ ከለመለመ፣ ችግሩ ከምግብ እጥረት የመሆኑ ነገር ይጠናከራል። ፍግ ብዙ ነገር ስለያዘ የትኛው እንደጎደለ ግን አይነግራችሁም።

ገበሬውን በአክብሮት ጠይቁ። «ጋሼ፣ ይህ መቼ ተዘራ? ከዘሩ ጋር ምን ገባ? ዩሪያ ተደገመ? አምና እዚህ ላይ ምን ነበር?» የመጨረሻዋ ጥያቄ የማትዘለል ናት። አምና ባቄላ ከነበረ አፈሩ ትንሽም ቢሆን ናይትሮጅን አትርፏል። የስንዴ ገለባ ወይም የበቆሎ አገዳ በዝቶ ከታረሰበት ግን ገለባውን የሚያፈርሱት ረቂቅ ሕዋሳት የአፈሩን ናይትሮጅን ለራሳቸው ይወስዱታል። በቆሎው ለጊዜው ይገረጣል።

ስድስተኛ፦ ግምታችሁን ፈትኑት

እስካሁን ያላችሁ ግምት ነው። ናይትሮጅንን መፈተን ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 20 ግራም ዩሪያ አሟሙ። አሥር ያህል ተክል ላይ ወደ ማታ ርጩና ክር እሰሩባቸው። አጠገባቸው ያሉትን አትንኩ። ከሳምንት በኋላ የተረጩት ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ ከለመለሙ ናይትሮጅን ጎድሏቸው ነበር። በጠራራ ፀሐይ አትርጩ፤ ቅጠሉ ይቃጠላል።

በመሬት መሞከር ከፈለጋችሁ በመስመር ሥሩት። መስመሮቹ በ75 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ከተዘሩ፣ የ10 ሜትር መስመር 7.5 ካሬ ሜትር ይይዛል። በሄክታር 100 ኪሎ ዩሪያ ማለት ለዚያ መስመር 75 ግራም ነው። እርጥብ አፈር ላይ ከመስመሩ ጎን ጨምሩና በአፈር ሸፍኑት። ከዚያ ዝናብ ካለ በአሥር ቀን ገደማ ልዩነት መታየት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስምሩበት። ቢጫ የሆነው አሮጌ ቅጠል ወደ አረንጓዴ ይመለሳል ብላችሁ አትጠብቁ። ለውጡን የምታዩት በመሃለኞቹና በአዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ነው። ታችኛውን እያዩ «አልሠራም» ያሉ ብዙ ናቸው።

ፎስፈረስን በዚህ መልክ መፈተን አይቻልም። ከላይ የተበተነ ፎስፈረስ እዚያው አፈሩ ላይ ይያዛል፤ ሥሩ ጋ አይደርስም። ቢረጭም መልሱ እንደ ዩሪያው ግልጽ አይደለም። ስለዚህ ፎስፈረስ የሚረጋገጠው በአፈርና በቅጠል ምርመራ፣ ወይም በሚቀጥለው ዓመት አንዱን መስመር ያለ ፎስፈረስ በመዝራት ነው።

አንድ ማሳ አብረን እንመርምር

ለልምምድ እንዲህ ያለ ማሳ በሐሳብ እንያዝ። ቦታው ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ነው፣ አፈሩ ቀይ፣ መሬቱ ተዳፋት። በቆሎው በግንቦት መጨረሻ ተዘርቶ አሁን ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነን። ማሳው ሦስት መልክ አለው። የላይኛው ክፍል ድንክዬ ነው፣ ጉልበት አልደረሰም፣ የታችኛው ቅጠል ጫፉ ወይን ጠጅ ነው። መሃሉ ደህና ነው። የታችኛው ክፍል በቁመት ከመሃሉ ብዙም አያንስም፤ ግን ገርጥቷል፣ ከታች ሦስት ቅጠል መሃል ለመሃል ቢጫ ሆኗል።

ሰነፍ ተማሪ «ማሳው ማዳበሪያ አንሶታል» ብሎ ይጨርሳል። እኛ ግን ሁለት የተለያየ ችግር ነው የምናየው።

ከታች እንጀምር። ቁመቱ ደህና መሆኑ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ምግብ እንደነበረው ይናገራል። የላይኛው አረንጓዴ ፈዟል፣ ቢጫው በመሃል ጅማት ይዟል። ስንቆፍር አፈሩ ረግረግ ብሎ ውሃ ያዘለ ነው። ገበሬውን ስንጠይቀው «ልጄ፣ ከዘሩ ጋር ኤንፒኤስ አድርጌያለሁ፤ ዩሪያው ገና ነው፣ ከሽልሻሎ በኋላ ነው የምጨምረው» ይለናል። ሁሉም ወደ ናይትሮጅን ይጠቁማል። ሁለት መስመር ላይ 75፣ 75 ግራም ዩሪያ ጨመርን እንበል። ከአሥር ቀን በኋላ ሁለቱ መስመሮች ከርቀት ተለዩ። ናይትሮጅን መሆኑ ተረጋገጠ። ነገር ግን ውሃው ሳይወጣ ዩሪያ ቢጨመር የተጨመረውም ይጠፋል። መጀመሪያ ፈሰስ ይውጣለት፣ ከዚያ ዩሪያው።

ወደ ላይ እንውጣ። እዚህ ያለው ቅጠል ጥቁር አረንጓዴ ነው። ውሃ አልተኛም። ሥሩ ጤነኛ ነው፤ ግን አጭር ነው። ገበሬው «ላይኛው ጋ ስደርስ ማዳበሪያው አለቀብኝ፣ የቀረችኝን በተን አድርጌ አለፍኩ» ይላል። እዚህም አንድ መስመር ላይ ዩሪያ ሞከርን። ቅጠሉ ትንሽ ጠቆረ እንጂ ተክሉ አልተመዘዘም። ናይትሮጅን አልነበረም ዋናው ችግር። የአፈሩ ፒኤች ተለክቶ 4.9 ወጣ እንበል። በእንዲህ ያለ አሲዳማ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን ጨምድደው ይይዙታል። የተበተነው ጥቂት ማዳበሪያም ከብዙ አፈር ጋር ስለተገናኘ አብዛኛው ተይዟል። በመስመር፣ ከዘሩ አጠገብ ቢቀመጥ ኖሮ የሚነካው አፈር ጥቂት ስለሚሆን የበለጠ ይተርፍ ነበር።

አሁን የሁለቱ ፍርድ ምን ያህል እንደሚራራቅ አስተውሉ። የታችኛው ክፍል ዘንድሮ ሊድን ይችላል። በቆሎው ወንዴ አበባውን ሳያወጣ ዩሪያ ከደረሰለት ብዙውን ይመልሳል። የላይኛው ግን የዘንድሮው እድል በአብዛኛው አልፏል። ለእሱ የሚሠራው ለመጪው ዓመት ነው። በ100 ኪሎ ኤንፒኤስ ውስጥ 19 ኪሎ ናይትሮጅን፣ በፒ₂ኦ₅ ስሌት 38 ኪሎ ፎስፌት እና 7 ኪሎ ድኝ አለ። ይህ 38 ኪሎ ንጹሕ ፎስፈረስ አይደለም፤ በ0.44 ሲባዛ 17 ኪሎ ገደማ ነው የሚሆነው። የላብራቶሪ ምክር በየትኛው ስሌት እንደተጻፈ ሳታዩ ከረጢት አትቁጠሩ። ማዳበሪያው በዘር ጊዜ፣ ከዘሩ 5 ሳንቲ ሜትር ጎንና 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ስለሆነ ኖራም ያስፈልገዋል። መጠኑ የሚወሰነው በአፈሩ የአሲድነት ምርመራ እንጂ በግምት አይደለም።

ሁለቱም አንድ ላይ ሲጎድሉስ? ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ ምልክቱም አስቸጋሪ ነው። ተክሉ ያጠረም የገረጣም ይሆናል። ናይትሮጅኑ በጣም ሲያንስ እድገቱን ስለሚገታው ተክሉ ፎስፈረስ ብዙም አይፈልግም፤ እጥረቱም ይደበቃል። ዩሪያ ሲሰጠው ይነሳል፣ ከዚያ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል። ዩሪያ ጀምሮ ያልጨረሰው ነገር ካያችሁ ፎስፈረስን አስቡ።

ላብራቶሪ ከተገኘ

ናሙናውን ከመልካሙና ከመጥፎው ቦታ ለየብቻ ውሰዱ። ቁጥሩ ትርጉም የሚያገኘው በንጽጽር ነው። በቆሎው ፀጉር ሲያወጣ ከሆነ ዋናው ራስ ካለበት ቦታ የሚወጣውን ቅጠል ከ15 እስከ 20 ተክል ሰብስቡ። ከ30 ሳንቲ ሜትር ያጠረ ከሆነ ከመሬት በላይ ያለውን ሙሉውን ውሰዱ። በወረቀት ከረጢት ያዙ፤ በፌስታል ይበሰብሳል። በፀጉር ጊዜ የተወሰደ ቅጠል ናይትሮጅኑ ከ2.7 በመቶ በታች፣ ፎስፈረሱ ከ0.25 በመቶ በታች ከሆነ እጥረት ይባላል።

ቁጥሩም ቢሆን ያታልላል። ፎስፈረስ ያሳጠረው በቆሎ ሰውነቱ ትንሽ ስለሆነ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን በመቶኛ ከፍ ብሎ ይታያል። «ናይትሮጅን በሽ ነው» ብላችሁ እንዳትጽፉ። መቶኛውን ሁልጊዜ ከተክሉ መጠን ጋር አንብቡት።

በሌሎች ሰብሎች

በጤፍና በስንዴ ላይ ያ የጦር ጫፍ ቅርጽ ያን ያህል አይጎላም። ናይትሮጅን ሲጎድል ማሳው ሁሉ ይገረጣል፣ የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ይደርቃል። ፎስፈረስ ሲጎድል ስንዴው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ከሥሩ የሚያወጣው ተጨማሪ ግንድ ይቀንሳል፤ ወይን ጠጅ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ቀለም ከምትፈልጉ በአንድ ተክል ላይ ግንድ ቁጠሩ። ባቄላ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች ሰንጥቁ። ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ ናይትሮጅን እየሠሩ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን እየሠሩ አይደሉም።

ክፍል ውስጥ ራሳችሁ አሳዩት

ፎቶ አይቶ መማር አያስተማምንም። ምልክቱን በራሳችሁ እጅ ማምጣት አለባችሁ። አሸዋ ውሃው እስኪጠራ ድረስ እጠቡ፣ በመጨረሻ በተጣራ ውሃ አለቅልቁት። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ናይትሬት ሊኖረው ስለሚችል ከዚያ በኋላ አትጠቀሙበት። ለእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ ሦስት ማሰሮ ይኑራችሁ። ውህዱ በሊትር በሚሊሞል እንዲህ ነው፦

```
ሙሉ:        KNO3 5, Ca(NO3)2 5, KH2PO4 1, MgSO4 2
ያለ N:  K2SO4 2.5, CaCl2 5, KH2PO4 1, MgSO4 2
ያለ P:  KNO3 5, Ca(NO3)2 5, KCl 1, MgSO4 2
```

ብረትና ሌሎቹ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ለሦስቱም እኩል ይጨመራሉ። ዋናው ሐሳብ አንዱን ስታወጡ አብሮት የነበረውን ፖታሲየም ወይም ካልሲየም በሌላ ጨው መተካታችሁ ነው። ይህን ካልተካችሁ የሁለት ነገር እጥረት ነው የምታዩት።

የበቆሎ ፍሬ ትልቅ ስለሆነ የራሱን ስንቅ ይዞ ነው የሚበቅለው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሦስቱም ማሰሮ አንድ ዓይነት ቢሆንባችሁ አትደንግጡ። ማፋጠን ከፈለጋችሁ ከበቀለ ከሳምንት ገደማ በኋላ አሸዋውን ገለጥ አድርጋችሁ የፍሬውን ቀሪ በጥንቃቄ ቁረጡ፤ ሥሩን አትንኩ። ለሦስቱም እኩል አድርጉት።

በየሦስት ቀኑ የእያንዳንዱን ተክል ቁመት፣ የቅጠል ብዛትና የመሃለኛውን ቅጠል ወርድ መዝግቡ። ፎቶ ስታነሱ ሙሉ ውህድ ያገኘውን ማሰሮ ሁልጊዜ መሃል ላይ አስቀምጡት። ያለ ናይትሮጅን ያለው በቀለሙ ቀድሞ ይለያል። ያለ ፎስፈረስ ያለውን ግን ብዙ ጊዜ ከዓይናችሁ በፊት ማስመሪያችሁ ያገኘዋል፤ ወርዱ ከሙሉው ሲያንስ ቀለሙ ገና አልተቀየረም።